ልጄ አፉን አልፈታም፦ ከ15 ወር እስከ 5 ዓመት ንግግርን ቤት ውስጥ እንዴት እንፈትሽ

የምሠራው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሚታዩበት ክፍል ውስጥ ነው። እናት ልጇን ለጉንፋን ወይም ለክትባት ታመጣለች። ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ልጁን አዝላ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆም ትላለች። «ሲስተር፣ ይኼ ልጅ አፉን አልፈታም እኮ። ደህና ነው?»

ዋናው ጥያቄ ሁልጊዜ የሚመጣው በሩ ላይ ነው። ከኋላዋ ደግሞ ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶታል። በዚያች ደቂቃ ልነግራት የማልችለውን እስቲ እዚህ ተረጋግቼ ልጻፈው።

የልጅ እድገት እግርም፣ እጅም፣ ጨዋታም፣ ንግግርም ነው። እኔ ንግግር ላይ ልቆይ። የእግር ነገር ራሱን ያሳያል፤ 18 ወር ሞልቶት ዳዴ ላይ የቀረ ልጅ ካለ ጎረቤቱ ሁሉ ይናገራል። እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለ ልጅ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። ንግግር ሲዘገይ ግን ሁሉም ሰው ማጽናኛ አያጣም። «ወንድ ልጅ ይዘገያል።» «አባቱም እስከ ሦስት ዓመቱ ዝም ነበር።» «ተዪው፣ አንድ ቀን ሲጀምር ዝም በል ትይዋለሽ።» አንዳንዴ እውነት ይሆናል። አንዳንዴ ግን ይኼው ማጽናኛ ሁለት ዓመት ይበላል።

ወንዶች ከሴቶች ትንሽ ዘግየት ማለታቸው ውሸት አይደለም። ልዩነቱ ግን የአንድ ሁለት ወር ያህል ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ሞልቶት «እማ» እና «አባ» ብቻ ለሚል ልጅ ምክንያት አይሆንም።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተር፣ ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ እና አንድ ሳምንት ነው። ስንት ቃል ይላል የሚለውን መጨረሻ ላይ ነው የምንቆጥረው። ብዙ ሰው ከዚያ ይጀምርና መንገድ ይስታል።

መጀመሪያ ዕድሜውን በወር አስሉ

«ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው» አይበቃም። በዚህ ዕድሜ ሦስት ወር ትልቅ ልዩነት አለው። የክትባት ካርዱን አውጡና የተወለደበትን ቀን ከዛሬው ቀን ጋር አስተያዩ። ሁለቱም በአንድ አቆጣጠር ይሁኑ። ካርዱ በኢትዮጵያ፣ ስልኩ በፈረንጅ ሆኖ ዓመቱን የሳቱ ወላጆች አጋጥመውኛል።

ልጁ ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ ማስተካከያ አለ። ሙሉ እርግዝና 40 ሳምንት ነው እንበል። በ32 ሳምንት የተወለደ ልጅ 8 ሳምንት ቀድሟል። ስለዚህ በካርዱ 20 ወር ቢሆንም የምትጠብቁበት የ18 ወር ልጅ የሚያደርገውን ነው። ይህን ማስተካከያ እስከ ሁለት ዓመት ተጠቀሙበት፤ ከዚያ በኋላ ተዉት።

ይሰማል ወይ?

እዚህ ላይ ሁሉም ወላጅ ይቆጣኛል። «በር ሲንኳኳ ይዞራል እኮ! ስልክ ሲጠራ ሮጦ ይሄዳል!»

ወጥመዱ እሱ ነው። የመስማት ችግር ማለት ጭራሽ አለመስማት ብቻ አይደለም። ጆሯችሁን በጣታችሁ ድፈኑና ሰው ያናግራችሁ። በሩ ሲላተም ትሰማላችሁ፤ ሰው እያወራ መሆኑንም ታውቃላችሁ። ቃሉ ግን ይሟሟል። በተለይ እንደ ስ፣ ሽ፣ ፍ እና ት ያሉ ቀጫጭን ድምፆች ይጠፋሉ። ቋንቋ ለሚያውቅ ሰው ይህ ችግር የለውም፤ የጎደለውን በግምት ይሞላል። ገና ቋንቋ እየተማረ ያለ ልጅ ግን በምን ይሞላዋል?

ቤት ውስጥ እንዲህ ሞክሩ። ልጁን አንድ ሰው ጭን ላይ አስቀምጡትና በቀላል ነገር ይጫወት። በጣም የሚወደውን መጫወቻ አትስጡት፤ ያን ይዞ ማንም አይዞርም። እናንተ ከኋላው ወደ ጎን፣ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ጥላችሁ ፊቱ ላይ አይውደቅ። ወለሉ እንጨት ከሆነ አትራመዱ፤ ንዝረቱን ይሰማዋል። ከዚያ በቀስታ ስሙን ጥሩ። ቆየት ብላችሁ «ስስስ» በሉ። በሌላኛውም ጎን ድገሙት። በሌላ ቀን ደግሞ እንደገና። ደጋግማችሁ ሞክራችሁ ካልዞረ ምክንያቱን ሐኪም ይፈልግ።

ዞረ? ደስ ይላል፤ ግን ነጻ አላወጣችሁትም። የቤት ሙከራ ችግር መኖሩን ሊጠቁም ይችላል፤ አለመኖሩን ግን አያረጋግጥም። ንግግሩ የዘገየ ልጅ ሁሉ፣ በር ሲንኳኳ ቢዞርም ባይዞርም፣ በመሣሪያ የመስማት ምርመራ ይገባዋል። በተለይ ጆሮው መግል ያወጣ ከነበረ፣ ማጅራት ገትር ይዞት ከነበረ፣ እንደተወለደ ከባድ ቢጫነት ከነበረበት ወይም በቤተሰቡ ከልጅነቱ የማይሰማ ሰው ካለ።

የሚባለው ይገባዋል ወይ?

«ሁሉም ነገር ይገባዋል፣ መናገር ብቻ ነው የቀረው።» ይህን ዓረፍተ ነገር በቀን አንዴ እሰማዋለሁ። ብዙ ጊዜ ግን ልጁ የገባው ቃላችን አይደለም፤ እጃችን፣ ዓይናችን እና ሰዓቱ ነው። ካፖርታችሁን ለብሳችሁ፣ ቁልፍ ይዛችሁ፣ ጫማው ወዳለበት እያያችሁ «ጫማህን አምጣ» ብትሉት አማርኛ የማያውቅ እንግዳም ያመጣዋል።

ስለዚህ እጃችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱ። ዓይናችሁ ልጁ ላይ ይሁን። የመውጫ ሰዓት ሳይሆን፣ ምንም ባልታሰበበት ሰዓት «ጫማህን አምጣ» በሉት። የ18 ወር ልጅ እንዲህ ያለች አንድ ትእዛዝ ያለ ምልክት ይፈጽማል። ሁለት ዓመት ሲሞላው «አፍንጫህ የታል? ሆድህስ?» ሲባል ቢያንስ ሁለት የአካል ክፍል ያሳያል። ሁለት ዓመት ተኩል ላይ «ኳሱን አስቀምጥና በሩን ዝጋ» ብትሉት ሁለቱንም ይሠራል። እርግጥ ነው፣ ደስ ካለው! እምቢታ እና አለመረዳት ይለያያሉ። እምቢ ያለ ልጅ በሩን አይቶ ወደ እናንተ ዞሮ ይስቃል ወይም ይሮጣል። ያልገባው ልጅ ፊታችሁን እና እጃችሁን ይፈልጋል።

አምስት ትእዛዝ መርጣችሁ በሳምንቱ ውስጥ በተለያየ ቀን ሞክሩና ስንቱን እንደፈጸመ ጻፉ።

ጣቱን ተመልከቱ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ምረጪ ብትሉኝ ጣትን እመርጣለሁ።

አንድ ልጅ መስኮት ላይ ቆሟል። ውጭ አህያ ተጭና ታልፋለች። ጣቱን ወደ አህያዋ ይቀስራል፤ ዞር ብሎ የእናቱን ፊት ያያል፤ ደግሞ ወደ አህያዋ ይመለሳል። አንድ ቃል አልተናገረም። ግን «እማ፣ አየሽ?» ብሏል። ንግግር ማለት መጀመሪያ ይኼ ነው፤ የሚጋራው ነገር አለው፣ የሚያጋራውም ሰው እንዳለ ያውቃል።

ሁለት ዓይነት መጠቆም አለ። አንዱ ለመጠየቅ ነው፤ መደርደሪያ ላይ ወዳለው ብስኩት እየጠቆመ «እእእ» ይላል። ይህ 15 ወር ላይ ይጠበቃል። ሌላው እንደ አህያዋ ለማሳየት ብቻ ነው፤ ምንም አይፈልግም፣ እንድታዩለት ብቻ ነው። ይህ 18 ወር ላይ ይጠበቃል። ሁለተኛው ነው ብዙ የሚናገረው።

የማይጠቁም ልጅ ብዙ ጊዜ ሌላ ዘዴ አለው። የእናቱን እጅ አንጓ ይይዝና እንደ ዕቃ ጎትቶ ፍሪጁ በር ላይ ያስቀምጠዋል። ፊቷን አያይም። እጇን ነው የሚፈልገው። አንድ ሁለት ጊዜ ማንም ልጅ ያደርገዋል፤ የዘወትር መንገዱ እሱ ብቻ ከሆነ ግን ልብ በሉ።

በነገራችን ላይ «ጣት አይቀሰርም፣ ነውር ነው» ብላችሁ የዚህን ዕድሜ ልጅ አትቆጡ። ሰው ላይም ቢሆን ይቀስር። ነውሩን በኋላ ይማራል።

አሁን ቃላቱን ቁጠሩ

ደብተሩን ወጥ ቤት አስቀምጡት። አብራችሁ የምትኖር አያት ወይም ሞግዚት ካለች እሷም ትጻፍ። ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር የምትውለው እሷ ከሆነች፣ ከእናቱ ይልቅ እሷ ብዙ ቃል ታውቃለች።

ምን እንደ ቃል ይቆጠራል? ሳትነግሩት ራሱ ያወጣው፣ ሁልጊዜ ለአንድ ነገር የሚጠቀምበት ድምፅ። ዳቦን ሁሌ «ባ» ካለው ቃል ነው። ውሻን «ዋው ዋው» ካለውም ቃል ነው። «በል፣ ውሃ በል» ተብሎ የደገመው ግን አይቆጠርም። ሁለት ቋንቋ በሚነገርበት ቤት የሁለቱንም ደምሩ፤ በአማርኛ 20፣ በኦሮምኛ 15 የሚል ልጅ 35 አለው። ሁለት ቋንቋ ንግግር አያዘገይም። ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ «አማርኛ እያናገራችሁ ነው ያዘገያችሁት» የሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት።

መለኪያው እንዲህ ነው። 15 ወር ላይ ከእማ እና ከአባ ሌላ አንድ ሁለት ቃል ይሞክራል። 18 ወር ላይ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ። ሁለት ዓመት ላይ ሁለት ቃል ያጣምራል። ሁለት ዓመት ተኩል ላይ ወደ 50 ቃል አለው። ሦስት ዓመት ላይ ምልልስ ይጀምራል፤ ትጠይቁታላችሁ ይመልሳል፣ እሱም «የት ሄደ?» «ለምን?» እያለ ያደክማችኋል። ቤተሰብ ያልሆነ ሰውም አብዛኛውን ይረዳዋል። አራት ዓመት ላይ ዛሬ የሆነውን ይነግራችኋል። አምስት ዓመት ላይ ቢያንስ ሁለት ነገር የተከሰተበት አጭር ታሪክ ያወራል።

ይህ የአሜሪካው የበሽታ መከላከልና መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2022 ካሻሻለው ዝርዝር ጋር የሚሄድ ነው። በዚያ ዝርዝር እያንዳንዱ ዕድሜ ላይ የተቀመጠው ከአራት ልጆች ቢያንስ ሦስቱ በዚያ ዕድሜ የሚያደርጉት ነገር ነው። ስለዚህ አንዱ ቢጎድል ልጁ ታመመ ማለት አይደለም። ግን «ይደርስ የለ» ተብሎም አይታለፍም፤ ይጠየቃል።

አንድ የእኛ ቋንቋ ጉዳይ አለ። ዝርዝሩ ለእንግሊዝኛ የተሠራ ነው። በአማርኛ «አልሰጠኝም» አንድ ቃል ነው፤ ውስጡ ግን ማን፣ ለማን፣ እምቢታው ሁሉ አለ። ስለዚህ «አራት ዓመት ላይ አራት ቃል ያለው ዓረፍተ ነገር» የሚለውን ቃል በቃል አትቁጠሩ። «ሳሚ ኳሴን አልሰጠኝም» ያለ ልጅ ሦስት ቃል ብቻ ተናገረ አይባልም። በተቃራኒው «እንካ»፣ «ስጪኝ»፣ «በቃ» ተጠንተው እንደ አንድ ድምፅ ሊያዙ ይችላሉ። ጥምረት የምለው ልጁ ራሱ ሲያገናኝ ነው፦ «አባ ና»፣ «ውሃ የለም»፣ «እማ ሄደች»።

የቋንቋችን ሌላ ጥቅም ደግሞ ማስተጋባትን ያጋልጣል። ልጁ ውሃ ሲፈልግ «ውሃ ትፈልጋለህ?» ካለ፣ የራሱን ሐሳብ ሳይሆን እናንተ የምትሉትን ነው የሚመልሰው። ሁለት ዓመት አካባቢ ይህ ያጋጥማል። ሦስት ዓመት አልፎት አብዛኛው ንግግሩ እንዲህ ከሆነ ግን መታየት አለበት።

አጠራሩ አያሳስባችሁ። «ብር»ን «ብል»፣ «ቆሎ»ን «ቶሎ» ማለት ለሦስት ዓመት ልጅ ያምርበታል። መንተባተብም እንዲሁ፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ባለው ጊዜ «እ-እ-እኔ» ማለት የተለመደ ነው። ከስድስት ወር በላይ ከቆየ ወይም ቃሉ አልወጣ ብሎት ፊቱን የሚያጨማድድ ከሆነ ግን ባለሙያ ይየው።

አንድ ልጅ፣ ከደብተሩ ላይ

የእህቴ ልጅ 26 ወር ሆኖት ነበር። ዝም ያለ፣ ሳቂታ፣ ኳስ የሚወድ። ሥራዬ ይህ ሆኖ እኔም «ወንድ ልጅ ነው» ብዬ ነበር። ከዚያ አንድ እሑድ እህቴ ከኋላው ሦስት ጊዜ ጠርታው አልዞረም። «ጆሮ ዳባ ልበስ ይለኛል» አለች እየሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ደብተር ሰጠኋት።

በሳምንቱ የተጻፈው ይኼ ነው፦ እማ፣ አባ፣ እንካ፣ በቃ፣ ና፣ ባ (ዳቦ)፣ ኳ (ኳስ)፣ ዋው (ውሻ)፣ ኡኡ (መኪና)። ዘጠኝ። ጥምረት የለም። በ26 ወሩ በግልጽ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ትእዛዙን ስንሞክር ነገሩ ተለየ። በእጅ እየጠቆምን አምስቱንም ፈጸመ። እጃችንን ኪስ ከተን ከፊት ለፊቱ ስንናገር ሦስቱን። ከኋላው ሆነን ስንናገር አንዷን ብቻ። ጣቱ ግን ሥራ ላይ ነው። ለአውሮፕላን ይጠቁማል፣ ለድመት ይጠቁማል፣ ጠቁሞም ዞሮ ያየናል። ባዶ ሲኒ አንስቶ እንደጠጣ ሆኖ ለአሻንጉሊቱም ያጠጣል።

እስቲ አብረን እናንብበው። የሚጋራው ሐሳብ አለው፤ ስለዚህ መንገዱ ተከፍቷል። ፊታችንን ሲያይ ይገባዋል፤ ከኋላ ግን አይገባውም። ሁሉም ነገር ወደ ጆሮ ይጠቁማል። ሌላም ያልጠየቅነው ነገር ነበር፤ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል፣ ጉንፋን አይለየውም፣ ቴሌቪዥኑ ጋ ተጠግቶ ነው የሚቆመው።

አንገት በላይ ሐኪም ጋ ወሰድነው። በሁለቱም ጆሮ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሟል። አያም፣ አያተኩስም፣ መግልም አይወጣም። ለዚህ ነው ማንም ያላየው። የመስማት ምርመራው መጠነኛ መቀነስ አሳየ፤ በጣት እንደ ተደፈነ ጆሮ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ራሱ ስለሚጠፋ ሐኪሙ ሦስት ወር ጠብቀን እንድንመለስ ነገረን። ካልጠፋ ታምቡሩ ላይ ትንሽ ቱቦ ይገባል። እስከዚያ ግን ፊት ለፊት፣ ቀረብ ብለን፣ ቴሌቪዥን ዘግተን እንድናናግረው አዘዘን።

በ29 ወሩ ፈሳሹ ጠፍቶ ነበር። ደብተሩ ላይ 38 ቃል ደርሷል፤ «አባ ና» እና «ኳስ የለም» ጀምሯል። ከእኩዮቹ ገና ወደ ኋላ ነው፤ ስለዚህ ክትትሉን አላቆምንም። ዛሬ አራት ዓመቱ ነው፤ አኩኩሉ ስንጫወት «አልነጋም!» ብሎ ከተደበቀበት ራሱን የሚያጋልጥ እሱ ነው።

አሁን ሌላ ልጅ አስቡ። ሦስት ዓመቷ ነው። በእንግሊዝኛ እስከ 20 ትቆጥራለች፣ ፊደሉን ሁሉ ትዘምራለች፣ ቀለማትን ታውቃለች። ቤተሰቡ ሊቅ ወለድን ብሎ ይኮራል። ግን ውሃ ሲጠማት አትጠይቅም፤ የእናቷን እጅ ትጎትታለች። ስሟን ሲጠሯት አትዞርም፤ የዩቲዩብ ዘፈን ከሌላ ክፍል ሲሰማ ግን ትሮጣለች። አትጠቁምም። ይቺ ልጅ ከእህቴ ልጅ እጅግ ብዙ ቃል አላት፤ ቶሎ መታየት ያለባት ግን እሷ ናት። ቃላት አሏት፣ ንግግር የላትም። ለኦቲዝም መመርመር ይገባታል። የመስማት ምርመራውም አይቀርላትም።

እነዚህ ካሉ ሳምንት አትጠብቁ

ደብተሩን ትታችሁ ቀጠሮ የምትይዙባቸው ምልክቶች ጥቂት ናቸው። ከሁሉ በላይ የነበረውን መርሳት ነው። «ማሚ» ይል የነበረ ልጅ ካቆመ፣ ቻው ቻው ይል የነበረ እጁን ማውለብለብ ከተወ፣ በየትኛውም ዕድሜ ይሁን አስቸኳይ ነው። ታናሽ ስለተወለደ ነው፣ ሠራተኛዋ ስለሄደች ነው ብላችሁ አትለፉት። 18 ወር ላይ በጣቱ ጭራሽ የማይጠቁም፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ 16 ወር ሞልቶት አንድም ቃል የሌለው፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል የማያጣምር ልጅም እንዲሁ።

ከእግርና ከእጅ በኩል አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ልጨምር። ገና ዓመት ሳይሞላው አንዱን እጁን ብቻ የሚጠቀም ልጅ «ግራኝ ነው» ይባላል። ግራኝነት በዚያ ዕድሜ አይለይም። ሌላኛው እጅ ደክሞ ሊሆን ስለሚችል ይታይ።

የት፣ እንዴት?

መጀመሪያ የሕፃናት ሐኪም፣ ከዚያ አንገት በላይ ሐኪም ለመስማት ምርመራው። የኦቲዝም ጥርጣሬ ካለ የሕፃናት ሐኪሙ ወደ ልጆች የአእምሮ ጤና ክፍል ይልካችኋል። አዲስ አበባ ውስጥ በዘሚ የኑስ የተመሠረተው ጆይ እና ነህምያ የሚባሉት የኦቲዝም ማዕከላት አሉ። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በአገራችን ጥቂት ነው፤ ወረፋ እንደሚኖር አስባችሁ በጊዜ ተመዝገቡ።

ሐኪሙ ፊት ልጁ ወይ ያለቅሳል ወይ ይደበቃል። ስለዚህ ሁለት ቪዲዮ ይዛችሁ ሂዱ፤ እያንዳንዱ ከሁለት ደቂቃ አይብለጥ። አንዱ ብቻውን ሲጫወት፣ ሌላው ከእናንተ ጋር ሲጫወት። «ንግግሩ ዘግይቷል» ብቻ አትበሉ። እንዲህ በሉ፦ «26 ወሩ ነው። ዘጠኝ ቃል አለው፣ አያጣምርም። ይጠቁማል። ከኋላው ስናናግረው አይገባውም። የመስማት ምርመራ እንዲደረግለት እፈልጋለሁ።» ይህችን በአሥራ አምስት ሰከንድ ትሏታላችሁ፤ የሐኪሙንም ግማሽ ሥራ ትሠራለች። «ሦስት ዓመት ሲሞላው አምጡት» ከተባላችሁ፣ የመስማት ምርመራው ግን አሁን ይሠራ ብላችሁ ጠይቁ።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የቅድመ ጣልቃ ገብነት ፕሮግራም አለ። ያለ ሐኪም ወረቀት ራሳችሁ ደውላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ፤ ግምገማው በነጻ ነው፣ በልጁ ቋንቋ እንዲሆንም መጠየቅ ትችላላችሁ። ሦስት ዓመት ካለፈው አድራሻው የአካባቢው የሕዝብ ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ነው። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ በር የምታንኳኩት ጢፓት ሐላቭ ነው።

ቤት ውስጥ የማይደረግም አለ። ምላስ ሥር ያለችውን ክር ማስቆረጥ ልጅን አያናግርም፤ የምላስ መታሰር ጡት መጥባትን ወይም አንዳንድ ድምፅን ሊያስቸግር ይችላል እንጂ አፍ መፍታትን አያዘገይም። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ደም ማፍሰስና ኢንፌክሽን ብቻ ነው ትርፉ። ጠበል ለሚወስዱ ወላጆች የምለው አንድ ነው፤ ውሰዱ፣ የሐኪሙን ቀጠሮ ግን አታሳልፉ።

ቀጠሮው እስኪደርስ

ቡና ሲፈላ ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡት፤ ከከሰሉ ራቅ አድርጋችሁ። ሲኒውን አንሱና «ሲኒ» በሉ። ዝም በሉ። በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ይህ ዝምታ ለእኛ ከባድ ነው፤ ለልጁ ግን ተራው እንደደረሰ የሚያውቅበት ነው። «ሲ» ካለ «አዎ፣ ሲኒ! ትንሽ ሲኒ» በሉ። እሱ ካለው አንድ ቃል ብቻ ጨምሩ። አንድ ቃል ለሚል ልጅ ሁለት ቃል፣ ሁለት ለሚል ሦስት። እንግዳ ፊት «በል፣ ሲኒ በል! በል እንጂ!» አትበሉት፤ ልጁ ይዘጋል።

የሚፈልገውን ሳይጠይቅ አትስጡት፤ አታስለቅሱትም ግን። ወተትና ውሃ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ «ወተት ወይስ ውሃ?» በሉ። ቢጠቁምም ይበቃል፤ ስሙን ትሉለትና ትሰጡታላችሁ።

ስክሪኑን ዝጉት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ጭራሽ አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ ይላል። ስልክ ልጅን መስማት የተሳነው ወይም ኦቲዝም ያለበት አያደርገውም። ግን ስልክ መልስ አይጠብቅም። ልጁ «ሲ» ቢል «አዎ፣ ሲኒ» የሚለው የለም።

እና ያቺን የበሩን ጥያቄ በተመለከተ። በ15 ወር ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት አለ። ያን ቀን ስትመጡ ጥያቄያችሁን እንደገባችሁ፣ ልጁ ሳይወጋ በፊት ጠይቁኝ። ከተወጋ በኋላማ የሚጠቁመው ወደ መውጫው በር ብቻ ነው።